«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ የማውቀው ነው» ብዬ ነበር

ውድ አማካሪ፣

በምሠራበት ክፍል 26 ሰዎች ነን። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ከሁሉም የቆየሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ሊጀመር ሲል አንዲት ባልደረባችን የፈላ ውሃ እጇን እንዳቃጠላት ስታወራ፣ «ወዲያው በረዶ ላዩ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ የጥርስ ሳሙና መቀባት ነው፤ ውሃ ከቋጠረ ግን እንዳታፈርጪው» አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ። «ጻፊልን» ሲሉኝም በወረቀት ጽፌ የሻይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንዷ «ለእህቴ እነግራታለሁ፤ ትንንሽ ልጆች አሏት» ስትል ሰምቻለሁ።

ረቡዕ ዕለት በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ወረቀቱን አነበበና አምስት ስድስት ሰው ባለበት «ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ እኮ ስህተት ነው። በረዶም የጥርስ ሳሙናም አይደረግም። ለአስር ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ነው» አለኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔም «አንተ ሳትወለድ ጀምሮ የማውቀው ነው» ብዬው ወጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ልክ ሆኖ አገኘሁት። እንዲያውም ያነበብኩት ሁሉ 20 ደቂቃ እንጂ 10 አይልም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ለሰኞ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ባለፈው ስለ ቃጠሎ የተናገርኩት ምናልባት በደንብ ሳይብራራ ቀርቶ ግር ያለው ሰው ካለ ይቅርታ። በእኛ ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚባለው፤ አሁን ግን ውሃ ይሻላል ይላሉ።» ይበቃል? ወይስ ወረቀቱን ቀስ ብዬ አንስቼ ለልጁ ብቻ በግል ብነግረው ይሻላል? አብዛኞቹ ነገሩን አልሰሙም። ደግሞስ 10 ያለው እሱም መሳሳቱን ልናገር? በሰው ፊት ማረሙ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ሰኞን የፈራሁት

*

ውድ እህቴ፣

ስሜትዎን አልፌ ወደ ሥራ የምገባ እንዳይመስልዎ፤ እመለስበታለሁ። ግን ሰኞን የማይጠብቁ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስልክ ነው። ለእህቷ እነግራለሁ ያለችው ባልደረባዎ ጋ ዛሬውኑ ይደውሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ንግግርዎ አሁን እርስዎ በማያውቁት ቤት፣ በማያውቋቸው ልጆች አጠገብ ተቀምጧል። የሚሏትም አጭር ነው፦ «ሰኞ ስለ ቃጠሎ ያልኩት ስህተት ነበር። በረዶም የጥርስ ሳሙናም አይደረግም፤ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ለእህትሽ ነግረሻት ከሆነ ዛሬ ደውለሽ ንገሪልኝ፤ ስትነግሪያት ደግሞ አሳውቂኝ።» የመጨረሻዋን ሐረግ አይተዉአት። ሰው «እሺ» ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ይረሳል፤ መልሳ እንደምታሳውቅዎ ካወቀች ግን ትደውላለች።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ቀስ ብሎ ማንሳቱ ይማርካል፣ ይገባኛል። ችግሩ ባዶ ግድግዳ ምንም አይናገርም። ወረቀቱን ማክሰኞ ያነበበ ሰው ሐሙስ ሲያጣው «ወድቆ ይሆናል» ይላል እንጂ «ስህተት ነበር ማለት ነው» አይልም፤ ያነበበውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በዚያው ወረቀት ላይ «በረዶ» እና «የጥርስ ሳሙና» የሚሉትን መስመሮች በአንድ ሰረዝ ይሰርዟቸው፤ በቀለም አይድፈኗቸው፣ ምን እንደነበር ይነበብ። አጠገባቸው «ስህተት ነው፣ አይደረግም» ብለው ይጻፉ። ትክክለኛውን ከሁሉም በላይ፣ በትልልቅ ፊደል ያስፍሩት፤ እጁ ተቃጥሎ እየሮጠ የገባ ሰው የሚያየው የላይኛውን መስመር ብቻ ነውና። ከታች ቀንና ስምዎን ያኑሩ። አንድ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ትክክለኛው ብቻ ያለበት ንጹሕ ወረቀት ይተኩበት። የተሰረዘው ከዚያ በላይ ከቆየ እርማት መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ሰው ሰረዙን ረስቶ «በረዶ የሚል ነገር አይቻለሁ» ማለት ይጀምራል።

እነዚህን ሁለቱን ካደረጉ በኋላ ቁጭ ብለው የተናገሩትን ይበታትኑት። «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ምኑን? ሰኞ ዕለት የተናገሩት አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። በረዶው ስህተት ነው። የጥርስ ሳሙናው ስህተት ነው። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪ ያሉት ግን ልክ ነው፤ የቋጠረው ቆዳ ቁስሉን ከጀርም የሚሸፍን ክዳን ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ «የተናገርኩትን እርሱት» ካሉ ልኩም አብሮ ይጣልና በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ መርፌ ይዞ ይቀመጣል። ልኩን ለይቶ ማስቀረት ክብርን ለማዳን የሚደረግ ሽንገላ አይደለም፣ የእርማቱ አካል ነው። ሽንገላ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፤ «አብዛኛው ልክ ነበር፣ ብቻ...» ብለው ከጀመሩ ሰሚው «ብቻ» ላይ ሲደርሱ ጆሮውን ዘግቷል። ስህተቱ ይቅደም፣ ልኩ ይከተል።

አሁን ወደ ረቂቅዎ። እንዳይቀየሙኝ እንጂ ሳነበው ፈገግ ብያለሁ፤ እንደዚህ ዓይነት ረቂቅ ያልጻፈ ሰው የለም፣ እኔም ጽፌያለሁ። ቃል በቃል አብረን እንየው።

«ምናልባት» ይላሉ። ማታ አንብበው አረጋግጠዋል፤ ታዲያ ምናልባቱ የቱ ጋ ነው? «በደንብ ሳይብራራ ቀርቶ» ይላሉ። እህቴ፣ በጣም በደንብ ነበር የተብራራው፤ ጻፊልን ያስባላቸውም እሱ ነው። «ግር ያለው ሰው ካለ» ይላሉ። ማንም ግር አላለውም፤ 26 ሰው አንድም ሳይቀር ገብቶታል፣ የገባው ግን ስህተት የሆነውን ነው። ይህች ሐረግ ጥፋቱን ከተናጋሪው አፍ አንስታ ሰሚው ጆሮ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሰሚው ደግሞ ለምን እንደከፋው ባያውቅም ይከፋዋል። «በእኛ ጊዜ» የምትለዋ ለወጣቱ የተወረወረች ጠጠር ናት፤ እሱም፣ ረቡዕ የነበሩት ሰዎችም ያውቁታል።

ከሁሉም የምፈራው ግን የመጨረሻውን ነው፦ «ውሃ ይሻላል ይላሉ።» ውሃ የሚሻል ከሆነ በረዶ ሁለተኛ ምርጫ ሆነ ማለት ነው። ሌሊት ቧንቧው ውሃ ያጣ ሰው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ሁለተኛ ምርጫውን ያወጣል። ደግሞ ልብ ብለው ካዩት በረቂቅዎ ውስጥ «በረዶ» የሚለው ቃል ጭራሽ የለም፤ «የጥርስ ሳሙና»ም የለም። ሰኞ ዘግይቶ የሚገባ አንድ ሰው ያስቡና፣ እሱ የሚሰማው ይህን እርማትዎን ብቻ ነው እንበል። ከዚህ ተነስቶ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ምን ማድረግ እንደሌለበት ያውቃል? እኔ እርማት ሲጻፍ የምፈትነው በዚህ ሰውዬ ነው።

አንድ ነገር ላክልበት፤ ምክንያቱን ይንገሯቸው። በፈረንጆቹ 1994 ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሳይፈርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተሳታፊዎች ስለ አንድ መጋዘን ቃጠሎ የሚያትቱ አጫጭር መልእክቶችን በተራ ያነባሉ። መጀመሪያ በአንዲት ቁም ሣጥን ውስጥ የዘይት ቀለምና የጋዝ ሲሊንደሮች እንደነበሩ ይነገራቸዋል፤ ቆየት ብሎ «የለም፣ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነበር» የሚል እርማት ይመጣል። እርማቱን አንብበዋል፣ ሲጠየቁም ያስታውሱታል። ነገር ግን «ጭሱ ለምን ያን ያህል ወፈረ?» ሲባሉ ብዙዎቹ መልሰው ወደ ቀለሙ ሄዱ። ባዶ የሆነው ቁም ሣጥን በአእምሯቸው ውስጥ ክፍተት ትቶ ነበርና በአሮጌው ሞሉት። ሌላ አሳማኝ ምክንያት፣ ማለትም ሆን ተብሎ እሳት የተለኮሰበት ቁሳቁስ ተገኘ የሚል፣ የተሰጣቸው ግን ቀለሙን የጠቀሱት በጣም ባነሰ መጠን ነበር።

የእርስዎም ስህተት እንዲሁ አሳማኝ ምክንያት አለው፤ ለዚህም ነው 26 ሰው ያመነው። ትኩስን የሚያጠፋው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በጣም ቀዝቃዛው በጣም ያጠፋል የሚል ስሌት አለ። «በረዶ አይሆንም» ብለው ብቻ ከተቀመጡ ይህ ስሌት ሳይነካ ይቀራል፣ በረዶውም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስሌቱን ይስበሩት፦ በረዶ ቅዝቃዜው ስለሚበዛ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ደም ያነሰው የተጎዳ ቆዳ ደግሞ ጉዳቱ ይጠልቃል፤ ራሱ በረዶውም ቆዳን ይጎዳል። የጥርስ ሳሙናው ሲቀቡት ቀዝቀዝ የሚል ስሜት ይሰጣል እንጂ ሙቀቱን ከቆዳው አያወጣም፤ ቁስሉን ያስቆጣል፣ ሐኪም ቤት ሲደረስም ጉዳቱን ለማየት ተጠርጎ መነሳት አለበት፣ ያም ያማል። የሚፈስ ውሃ ግን ሙቀቱን እየወሰደ ስለሚሄድ ነው የሚሠራው። ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እንኳ ቢጀመር ይጠቅማል።

እንዲህ ቢሉስ?

«ወደ አጀንዳው ሳንገባ አንድ እርማት አለኝ። ባለፈው ሰኞ ለቃጠሎ በረዶ አድርጉ፣ የጥርስ ሳሙና ቀቡ ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የሚደረገው የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። በረዶ ቅዝቃዜው በዝቶ የተጎዳውን ቆዳ የባሰ ይጎዳዋል፤ የጥርስ ሳሙና ደግሞ ሙቀቱን አያወጣም፣ ቁስሉን ያስቆጣል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ለሌላ ሰው የነገራችሁት ካለ እባካችሁ ይህንንም ንገሩልኝ። የሻይ ክፍሉን ወረቀት አስተካክዬዋለሁ።»

ከዚያ የወጣቱን ስም ጠርተው «ስህተቱን ያሳየኝ እሱ ነው፤ አመሰግነዋለሁ» ይበሉ፣ ይቀመጡም። ጮክ ብለው አንብበው ሰዓት ይያዙ፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሰው ካልጠየቀዎ በቀር አንድም ቃል አይጨምሩ። በተለይ «ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አይበሉ፤ እውነት ቢሆንም።

ለምን እንደምከለክልዎ ከራሴ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ ሥልጠና ላይ ነስር ለያዘው ሰው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አጋድሉት ብዬ አስተማርኩ። አንዲት ሠልጣኝ በእረፍት ሰዓት ጠራችኝና ስህተት መሆኑን ነገረችኝ፦ ወደ ኋላ ሲጋደል ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለአስር ደቂቃ ያህል ጫን ብሎ መያዝ ነው። አመሰገንኳት። በማግስቱ እርማቱን ተናገርኩ፣ ግን እንዴት ያለ እርማት! ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ እንዴት እንዳፈርኩ፣ ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚሰማኝ አወራሁ። ድምፄ ተሰበረ። ሠልጣኞቹ ደንግጠው ያጽናኑኝ ጀመር፤ አንዱ «ማንም ይሳሳታል» አለ፣ ሌላዋ ውሃ አመጣችልኝ። ሞቅ ያለ ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ የተግባር ልምምድ ላይ ከፊቴ የቆመው ልጅ የባልደረባውን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ አጋደለው። ጠዋት ያጽናናኝ እሱ ነበር። እኔን ያስታውሳል፣ አፍንጫውን ግን አያስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ረጅም ይቅርታ ስሰማ እጠረጥራለሁ። ሰሚው እርስዎን ወደ ማባበል ሥራ ከገባ ስለ ቃጠሎ የሚያስብበት ቦታ አይተርፈውም።

ደግሞ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ተጠላልፈዋል፤ ብንለያቸው ሰኞ ይቀልልዎታል። አንዱ የእውቀት ስህተት ነው፤ የ26ቱም ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ በ26ቱ ፊት ይታረማል። አብዛኞቹ ሙግቱን አልሰሙም ያሉትን እኔ በተቃራኒው ነው የማየው፤ አልሰሙም ማለት እስካሁን በረዶውን ይዘው ነው ያሉት ማለት ነው። ሁለተኛው «አንተ ሳትወለድ» ያሉት ነው። ይህ ንግግር ስለ ቃጠሎ አይደለም፣ ስለ ልጁ ነው፤ የሰሙትም አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ይህኛው በ26 ሰው ፊት መቅረብ የለበትም፤ ሃያዎቹ የማያውቁትን ንትርክ እንዲያውቁ ከማድረግና ልጁን ከማሸማቀቅ በቀር ምንም አይጨምርም። ሰኞ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ሻይ ክፍል ውስጥ ሲያገኙት፣ ከረቡዕዎቹ አንድ ሁለቱ ቢኖሩም ባይሸሹ ደስ ይለኛል፣ «ረቡዕ ልክ ነበርክ። የመለስኩልህ መልስ ደግሞ ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ዛሬ ስብሰባው ላይ አርመዋለሁ» ይበሉት። ስሙን እንደሚጠሩ አስቀድሞ ማወቁም ጥሩ ነው፤ በድንገት መጠራት የማይወድ ሰው አለና፣ እንዳይጠራ ከፈለገ «አንድ ባልደረባችን» ይበቃል።

የአስሯ ደቂቃ ነገር የምትመጣውም እዚያው ላይ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህቺን ጥያቄ ሳነብ ልብዎ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ደስታ አየኋት፤ ሰው ነን። ነገር ግን አስር ደቂቃ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎች ስላሉ ልጁ ከአየር ላይ አላመጣውም፤ አሁን በብዛት የሚመከረው ግን 20 ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ «እኔ ሳነብ 20 ደቂቃ አገኘሁ፤ አንተስ የት አይተህ ነው? እስቲ አብረን እንየው» ይበሉት። በስብሰባው ላይ 20 ብለው ይናገሩ፣ የእሱን 10 አያንሱ። ትክክለኛው ቁጥር እስከተነገረ ድረስ ሰሚዎቹ የጎደለባቸው ነገር የለም። በአደባባይ «እሱም እኮ ተሳስቷል» ካሉ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው 20 ሳይሆን ፉክክሩ ነው፤ ሌላ ቀን ስህተት ያየ ወጣትም አፉን ይዞ ያልፋል።

በሰው ፊት ማረሙን በተመለከተ ልጠይቅዎት። ያመመዎት ማረሙ ነው ወይስ ሳቁ? ሁለቱን ለየብቻ ሲያስቡ የትኛው ይከብዳል? እሱ ያረመው ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ የተለጠፈ ወረቀት እያነበበ ነው፤ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ነው የጀመረው። የሳቀው እሱ መሆኑን ደግሞ አልጻፉልኝም። ቢሆንም ወደ ጎን ጠርቶ ቢነግርዎ ይሻል ነበር የሚለው ስሜትዎ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርዎትም። ብቻ ከይቅርታው ጋር በአንድ ጉርሻ አያቅርቡት። «ይቅርታ፣ አንተም ግን በሰው ፊት...» ሲሉ የመጀመሪያዋ ቃል ትሰረዛለች። ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ያኔም የሚቆረቁርዎ ከሆነ፣ «ሌላ ጊዜ ስሳሳት መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፤ ወዲያው አርማለሁ» ይበሉት። ሰኞ ሲያርሙ ያየዎት ሰው ይህን ሲሰማ ያምንዎታል።

የቆዩት እርስዎ ስለሆኑ የሚፈሩት ክብርዎን መሆኑን አልሳትኩም። ፍራንሲስ አርኖልድ በፈረንጆቹ 2018 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘች ሳይንቲስት ናት። በ2020 መጀመሪያ ላይ ቡድኗ በ2019 ያሳተመውን የምርምር ጽሑፍ ራሷ በአደባባይ ከኅትመት አነሳችው፤ ውጤቱ ሲደገም አልመጣም ነበር። የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ የቤተ ሙከራ ማስታወሻ ውስጥ የጎደሉ መረጃዎች ተገኝተው ስለነበር ጣቷን ወደዚያ መቀሰር ትችል ነበር። እሷ ግን ጽሑፉ ሲላክ ሥራ በዝቶባት እንደነበርና የራሷን ድርሻ በሚገባ እንዳልተወጣች ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሽልማቷ ቤቷ ነው፣ ቤተ ሙከራዋም ሥራውን ቀጥሏል።

ሰኞ ተናግረው ሲጨርሱ አንድ ሰው እንዲህ ማለቱ አይቀርም፦ «ኧረ እኔ ሁልጊዜ የጥርስ ሳሙና ነው የምቀባው፣ ይድንልኛል!» ምናልባት ሊያጽናናዎ ብሎ ይሆናል። ያኔ ረቡዕን ያልነበረ ያህል የሚያደርግ የማምለጫ በር ይከፈትልዎታል፤ «አየህ፣ እኔም ከልምድ ነው...» ማለት ያሰኛል። አይግቡበት። «ትንሽ ቃጠሎ ቢቀባም ባይቀባም ራሱ ይድናል፤ ለዚህ ነው እኔም ይሠራል ብዬ ስንት ዓመት ያመንኩት። ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ፊት ላይ ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ሕፃን ከሆነ ግን በውሃው ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ሐኪም ጋ ሂዱ» ይበሉና አጀንዳውን ይክፈቱ።

ያቺ ባልደረባዎ እህቷን ማግኘቷን እስከ ሰኞ ካላሳወቀችዎ ደግሞ ከስብሰባው ሲወጡ ይጠይቋት።